ማጠፍና ማጥፋት

ቁማርን የሚነቅፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነቅፉት ከግብረ ገብ በኩል ነው። ቁማርተኛው ግን ነቀፋውን ከሰማ በኋላ የሚሰጠው የሒሳብ መልስ አለው። እኔ መንገድ አግኝቻለሁ፤ በዚህ መንገድ የሚጫወት ሰው አይከስርም ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው በምክር ብቻ መመለስ አይቻልም፤ በሒሳብ የመጣ በሒሳብ ሊመለስ ይገባዋልና። እኔም ብዙ ዘመን ሒሳብ ሳስተምር የኖርሁ እንደ መሆኔ መጠን፣ ከእነዚህ መንገዶች ሁሉ ዝነኛ የሆነውንና ፈረንሳዮች ማርቲንጋል ብለው የሚጠሩትን በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው አስቤያለሁ።

የማርቲንጋል ትምህርት ለመረዳት ቀላል ነው። ቁማርተኛው፣ ያሸነፈ ሰው ያስያዘውን ያህል በሚያተርፍበት ጨዋታ ላይ በትንሽ ገንዘብ ይጀምራል። ቢሸነፍ በሚቀጥለው ጊዜ እጥፉን ያስይዛል፤ ደግሞም ቢሸነፍ የእጥፉን እጥፍ። አንድ ጊዜ ባሸነፈ ሰዓት ቀድሞ የከሰረውን ሁሉ ያስመልሳል፤ በላዩም የመጀመሪያዋን ገንዘብ ያህል ያተርፋል። ለምሳሌ 10፣ 20 እና 40 ተሸንፎ በ80 ቢያሸንፍ፣ የከሰረው 70 ነውና 10 ተረፈው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንደገና ከ10 ይጀምራል።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ይህን ሁሉ ካስረዳኝ በኋላ፣ «መምህር፣ ለዘላለም የሚሸነፍ ሰው የለም፤ ታዲያ ስሕተቱ የት ላይ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ለዘላለም የሚሸነፍ ሰው እንደሌለ እውነት ነው። ነገር ግን ለዘላለም እያጠፈ ሊያስይዝ የሚችል ሰውም የለም። በቁማርተኛው ፊት ሁለት ግንቦች ቆመዋል፤ አንደኛው የገዛ ኪሱ ልክ ነው፤ ሁለተኛው ቁማር ቤቱ በየጠረጴዛው ላይ የወሰነው የገንዘብ ልክ ነው። ማርቲንጋል የሚያስተምረው እነዚህ ሁለቱ እንደሌሉ አድርጎ ነው።

በመጀመሪያው ግንብ ላይ ተጋጭቶ ታሪኩን የጻፈልን ዣኮሞ ካዛኖቫ የተባለው የቬኒስ ሰው ነው። ካዛኖቫ በሽምግልናው ዘመን በፈረንሳይኛ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ፣ በ1754 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሪዶቶ በተባለው በቬኒስ ቁማር ቤት በማርቲንጋል እንደ ተጫወተ ይናገራል። የሚጫወትበት ገንዘብ ስሟን ሸሽጎ ኤም ኤም ብሎ ከሚጠራት ወዳጁ የመጣ ነበር። የበዓሉ ወራት እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ አሸነፈ። ስድስተኛዋ ካርታ አንድም ቀን እንዳልከዳችው፣ ብትከዳው ኖሮ ግን በእርስዋ ላይ 2,000 የቬኒስ ወርቅ ስለ ነበረ የሚጫወትበት ገንዘብ እንዳልነበረው ራሱ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ በዚያው መንገድ ሲቀጥል ዕድሉ ከፋና ባዶ እጁን ቀረ፤ የወዳጁም አልማዞች ተሸጠው ዋጋቸው በጨዋታው ጠፋ።

ይህን ታሪክ የምነቅፈው ስለ አንድ ነገር ነው። ካዛኖቫ ትርፉንም ኪሳራውንም ለዕድል ሰጥቶ ያልፋል። ነገር ግን ፍርዱ አስቀድሞ በገዛ አፉ ተነግሯል፤ ይኸውም ስለ ስድስተኛዋ ካርታ የተናገረው ቃል ነው። በማጠፍ መንገድ ስድስተኛው ማስያዣ ከመጀመሪያው 32 እጥፍ ይሆናል። በዚያች ካርታ ላይ 2,000 ወርቅ ከነበረ፣ ብታሸንፍለት ከዙሩ ሁሉ የሚተርፈው 62 ወርቅ ተኩል ብቻ ነበር። እንግዲህ ሰውዬው በየቀኑ ያገኘው ትርፍ የጥበቡ ፍሬ አልነበረም፤ ያለውን ሁሉ አደጋ ላይ ስለ ጣለ የተከፈለው ትንሽ ኪራይ ነበር እንጂ። ዕድሉ የተለወጠ መሰለው፤ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ አስቀድሞ የነበረው አደጋ ጊዜው ደረሰ እንጂ።

ወደ ሁለተኛው ግንብ እንምጣ። ዛሬ በካዚኖ ውስጥ በየሩሌት ጠረጴዛው ላይ ሊያዝ የሚፈቀደው ትንሹና ትልቁ ገንዘብ ተወስኗል። ትንሹ 10፣ ትልቁ 5,000 ዩሮ የሆነበትን ጠረጴዛ እንውሰድ። በቀይ ላይ የሚያስይዝ ሰው ሁልጊዜ ቢሸነፍ ገንዘቡ እንዲህ ይሄዳል፤ 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320፣ 640፣ 1,280፣ 2,560። እነዚህ ዘጠኝ እርምጃዎች ናቸው። አሥረኛው 5,120 ይሆን ነበር፤ ጠረጴዛው ግን ከ5,000 በላይ አይቀበልም። እዚህ የደረሰ ሰው ኪሱ ቢሞላም መንገዱ ተቆርጦበታል፤ ያለቀውም ገንዘብ ሲደመር 5,110 ዩሮ ነው።

አሁን ተማሪዬ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልሱ ይገለጣል። በመጀመሪያ ጨዋታው ፍጹም ትክክል ነው፣ ማለት ማሸነፍና መሸነፍ እኩል ነው ብለን እናስብ። ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ መሸነፍ ከ512 ዙር አንድ ጊዜ ያህል የሚደርስ ነገር ነው። ስለዚህ በ511ዱ ዙር 10፣ 10 ዩሮ ያተርፋል፤ ድምሩ 5,110 ነው። በአንዱ ዙር ደግሞ 5,110 ይከስራል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ልክ አንድ ናቸው። ማርቲንጋል ኪሳራን አላጠፋም፤ ከብዙ ቦታ ለቅሞ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ አከማቸው እንጂ። በትክክለኛ ጨዋታ እንኳ ከዚህ ሁሉ ድካም የሚተርፈው ባዶ ነው።

ሩሌት ግን ትክክለኛ ጨዋታ አይደለም። በአውሮፓው መንኰራኵር ላይ 37 ቁጥሮች አሉ፤ 18ቱ ቀይ፣ 18ቱ ጥቁር፣ አንዱ ዜሮ ነው። በቀይ ላይ ያስያዘ ሰው በ18ቱ ያሸንፋል፣ በ19ኙ ይሸነፋል። ይህች ትንሽ ልዩነት ዘጠኝ ጊዜ በራሷ ስትባዛ ታድጋለች፤ ያ ጉድጓድ ከ512 ዙር አንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ ከ403 ዙር አንድ ጊዜ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ቁማርተኛው 402 ዙር እያሸነፈ 4,020 ዩሮ ያህል ይሰበስባል፤ በአንዱ ዙር 5,110 ይሰጣል። ጉድለቱ 1,090 ያህል ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ምናልባት አንባቢ፣ ነገሩ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ሰው ስለ ምን ይታለላል? ይል ይሆናል። የሚታለለው መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፍ ስለሆነ ነው። መንኰራኵሯ በሰዓት 40 ጊዜ ብትሽከረከርና ሰውዬው በአንድ ምሽት አራት ሰዓት ቢጫወት፣ 78 ዙር ያህል ይጨርሳል። ከመቶ ምሽት በ82ቱ ያህል ያ ጉድጓድ አያገኘውም፤ 780 ዩሮ ያህል ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከአምስት ሰዎች አራቱ በማግሥቱ ለወዳጆቻቸው በእውነት አሸነፍን ብለው ይመሰክራሉ። ምስክርነታቸው ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። አምስተኛው ሰው በአንድ ምሽት ብዙ ሺህ አጥቶ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ማንም አይቆጥረውም። በዚህ ዓይነት የመንገዱ ዝና በአሸናፊዎች አፍ ይሰፋል።

ሁለት ማምለጫዎች ሲጠቀሱ እሰማለሁ። አንደኛው፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ከወጣ በኋላ ቀይ መውጣቱ የግድ ነውና ያን ጊዜ እጀምራለሁ የሚለው ነው። በነሐሴ ወር 1913 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ እንደ ወጣ፣ ሰዎችም አሁንስ ቀይ ነው እያሉ ብዙ ገንዘብ እንዳጡ ይነገራል። መንኰራኵር ትዝታ የለውም። ያለፈው ጥቁር ለሚመጣው ቀይ ዕዳ አይገባለትም፤ ከስምንት ጥቁር በኋላም ከ37ቱ ቀዩ ያው 18 ነው። በዚያ ምሽት ከ10 ጀምሮ በቀይ ላይ ያጠፈ ሰው ቢኖርና የሚያግደውም ልክ ባይኖር፣ ለ27ኛው ጊዜ የሚያስይዘው ከ671 ሚሊዮን በላይ በሆነ ነበር፤ ይህም ሁሉ 10 ለማትረፍ ነው።

ሁለተኛው ማምለጫ፣ ልክ በሌለበት ጠረጴዛ ብዙ ገንዘብ ይዤ ብገባስ የሚለው ነው። ኪሱን ከ5,110 ወደ 10,230 ያሳደገ ሰው የሚጨመርለት አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ዘጠኙ አሥር ይሆኑለታል። ያን ጊዜ ጉድጓዱ የሚደርሰው ከ784 ዙር አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ በዚያ መካከል 7,830 ያህል ይሰበስባል፣ ከዚያም 10,230 ያጣል። ጉድለቱ 2,400 ደረሰ። ኪሱ በገፋ ቁጥር ውድቀቱ ይዘገያል፣ ሲመጣ ግን ይከብዳል። ቁማር ቤቱ ልኩን ባያደርግም ኖሮ ሒሳቡ ለእርሱ በቂው ነበር።

እንግዲህ ማርቲንጋልን የሚያመሰግን ሰው ሲገጥማችሁ፣ ከክርክር በፊት ትልቁን ልክ ለትንሹ አካፍሉና ስንት ጊዜ ሊታጠፍ እንደሚችል ቁጠሩ። እላይ ባየነው ጠረጴዛ ላይ 5,000 ለ10 ሲካፈል 500 ነው፤ ከአንድ ተነሥተን ስናጥፍ ዘጠነኛው 256 ላይ ይቆማል፣ አሥረኛው 512 ነውና አይገባም። ከዚያም የዘጠኙ እርምጃ ድምር ቢጠፋ የሚጠፋው የማን ገንዘብ እንደሆነ ጠይቁት። በቬኒስ የተሸጡት አልማዞች የካዛኖቫ አልነበሩም። ብዙ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ የሚያጥፈው አንድ ሰው ሲሆን የሚጠፋበት ሌላ ነው። በቋንቋችን ማጠፍና ማጥፋት በድምፅ የተቀራረቡ ቃላት ናቸው፤ በቁማር ጠረጴዛ ላይ ግን የሚለያያቸው የጊዜ ርዝመት ብቻ ነው።