የሉል ቀዳዳ ምን ይናገራል

የጃፓን አኮያ ሉል ድሪ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲዘረጋልኝ ከቀለሙ በፊት የማየው የአምፖሉን ጠርዝ ነው። ከፍሬዎቹ አንዱን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ከላይ የበራውን መብራት ገጹ ላይ እፈልገዋለሁ። ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታየና የራሴም ፊት እንደ ጥላ መሃሉ ላይ ካረፈ፣ ሉሉ በጥሩ እጅ ያለፈ ነው። መብራቱ ዳር ዳሩ ተበትኖ ከደበዘዘ ግን ሻጩ ስለ ንጣቱና ስለ ክብነቱ የሚነግረኝን ሁሉ በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማው።

ይህ ጸዳል የሚመጣው ናክር ከሚባለው ልባስ ነው። ኦይስተሯ ሰውነቷ ውስጥ የገባውን ባዕድ ነገር በአራጎናይት ማዕድን ስስ ቅጠሎች እየደራረበች ትሸፍነዋለች። የአንዱ ቅጠል ውፍረት ግማሽ ማይክሮን ገደማ ስለሆነ፣ ሺህ ያህሉ ተደራርበው ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆኑ ነው። ብርሃኑ ከላይኛው ገጽ ብቻ ሳይሆን ከሥር ካሉት ንብርብሮችም ስለሚመለስ፣ ጥሩ ሉል ከውስጡ የሚያበራ ይመስላል። አርቢዎቹ ምርቱን በክረምት ቅዝቃዜ የሚሰበስቡትም ለዚህ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ የኦይስተሯ ሥራ ይዘገያል፣ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ይሳሳሉ፣ ገጹም ይጠራል።

ወፍራም ናክር ሁሉ ያንጸባርቃል ማለት ግን አይደለም። የቻይና የንጹሕ ውሃ ሉል አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ኳስ ስለማይገባበት ከሞላ ጎደል ናክር ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ብዙው ከጥሩ አኮያ ይልቅ ለስለስ ያለ ብርሃን ነው ያለው። ውፍረት ዕድሜ ይሰጣል፣ ጥራት ያለው አደራረብ ደግሞ ብርሃን። አኮያ ላይ ሁለቱን አብሮ ማግኘት ነው ዋናው ነገር።

ሚኪሞቶ ኮኪቺ በ1893 ጃፓን ውስጥ ግማሽ ክብ ሉል በእርባታ አገኘ፤ ሙሉ ክብ ሉል ማብቀል የተቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ዘዴው ዛሬም ያው ነው። ከአሜሪካ ወንዞች ዛጎል የተቀረጸ ክብ ኳስ ከሌላ ኦይስተር በተቆረጠች ትንሽ የሥጋ ቁራጭ ታጅቦ ወደ ኦይስተሯ ይገባል። ቁራጯ አድጋ ኳሱን ትከብበዋለች፣ ናክሩንም የምትሠራው እሷ ናት። ኦይስተሯ ውሃ ውስጥ በቆየች ቁጥር ልባሱ ይወፍራል፤ በበሽታ የመሞቷ ወይም ሉሉ የመጣመሙ ዕድልም አብሮ ያድጋል። ለማጭበርበር የሚያባብለውም ይኸው ነው። ትልቅ ኳስ አስገብቶ ቶሎ ማውጣት ያዋጣል።

በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ባለ 7 ሚሊሜትር ድሪዎችን እናስብ። የአንዱ ኳስ 6.2 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ በየጎኑ 0.4 ሚሊሜትር ናክር አለው። የሌላው ኳስ 6.8 ነው፤ ልባሱ 0.1 ብቻ ይሆናል። ሁለቱም በኦይስተር ሆድ ያደጉ ናቸው፤ "እውነተኛ ነው" ብሎ የሚሸጣቸው ሰው አልዋሸም።

ልዩነቱን የሚያወጣው ቀዳዳው ነው። ፍሬዎቹን በክሩ ላይ ፈቀቅ አድርጌ በአሥር እጥፍ ማጉያ ሳይ፣ በመጀመሪያው ድሪ ናክሩና ኳሱ የሚገናኙበት መስመር ከገጹ ራቅ ብሎ ጥርት ብሎ ይታያል። በሁለተኛው መስመሩ ከገጹ ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረውም፣ አንዳንዱ ፍሬ ላይም ቀዳዳው ዳር ልባሱ ተሸርፏል። ድሪውን በኃይለኛ መብራት ሥር ቀስ አድርጌ ሳሽከረክረው ደግሞ ፍሬዎቹ አንዴ ቦግ አንዴ ድርግም ይላሉ፤ በስሱ ልባስ ሥር ያለው የዛጎል ኳስ ንብርብር እየታየ ነው።

አስመሳዩን መለየት ከዚህ ይቀላል። ለረጅም ዘመን የመስታወት ኳስ ከዓሣ ቅርፊት በሚወጣ ብልጭልጭ ፈሳሽ እየተነከረ ሲሠራ ኖሯል። ቀዳዳው ዳር ሽፋኑ እንደ ጥፍር ቀለም ይላጣል፣ ከሥሩም መስታወቱ ወይም ፕላስቲኩ ብቅ ይላል። ፍሬዎቹ ሁሉ በመልክና በመጠን ፍጹም አንድ ዓይነት መሆናቸውም ያጠራጥራል። ሁለት ፍሬ ቀስ አድርገው ሲያፋትጓቸው የናክር ሉል እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል፤ አስመሳዩ በአብዛኛው ይንሸራተታል። ይህ ሙከራ ግን ከሁለቱ ድሪዎች የትኛው ስስ እንደሆነ አይነግርም፣ ሁለቱም ይሻክራሉና። የተፈጥሮውን ከእርባታው መለየት ደግሞ የቤተ ሙከራ ራጅ ይጠይቃል።

ገጹ ላይ ነቁጥ ያለበት ባለ 0.4 ድሪ እንከን ከሌለው ባለ 0.1 ጋር ቢቀርብልኝ፣ ባለ ነቁጡን እወስዳለሁ። ላብና ሽቶ በየዓመቱ ናክሩን ትንሽ ትንሽ ይበሉታል፤ ስሱ ድሪ በክሩ በኩል ሲላጥ፣ ከሥሩ የሚወጣው ደብዛዛ የወንዝ ዛጎል ነው።