ከላይ ያለው የትኛው ነው?

በሁለት ኩርባዎች መካከል ያለው ስፋት ሲሰላ፣ ከኢንቲግራሉ በፊት የሚቀድሙ ሁለት አጫጭር ሥራዎች አሉ፤ ኩርባዎቹ የሚገናኙባቸውን ነጥቦች መፈለግና በነጥቦቹ መካከል ከላይ ያለውን መለየት። ስሌቱ ትክክል ሲወጣ ምስጋናው የሚገባው ለእነዚህ ነው።

y = x³ እና y = x ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱ እኩል ሲደረጉ x³ = x ይሆናል። ሁለቱንም ወገን ለ x ማካፈል አቋራጭ ይመስላል፤ ነገር ግን 0 የተባለውን መልስ ያስጠፋል። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥቶ x(x − 1)(x + 1) = 0 ብሎ መጻፍ ግን −1፣ 0 እና 1ን ሳያስቀር ያወጣል።

ቀጥሎ ከየክፍሉ አንድ ቁጥር መሞከር ይበቃል። x = 1/2 ሲሆን x³ ዋጋው 1/8 ነው፤ ስለዚህ ከ0 እስከ 1 ቀጥተኛው መስመር ከላይ ነው። x = −1/2 ሲሆን ደግሞ −1/8 ከ−1/2 ስለሚበልጥ፣ ከ−1 እስከ 0 ከላይ የሚሆነው x³ ነው። በሁለት መገናኛዎች መካከል ኩርባዎቹ ሳይቆራረጡ ስለሚሄዱ ቦታ ሊለዋወጡ አይችሉም፤ የአንዲት ቁጥር ምስክርነት ለመላው ክፍል የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

በየክፍሉ ከላይኛው ታችኛው ሲቀነስ እያንዳንዱ 1/4 ይሰጣል፤ ድምሩ 1/2 ነው። 0 ተዘንግቶ x − x³ ከ−1 እስከ 1 በአንድ ጊዜ ቢሰላ ግን ሁለቱ ክፍሎች ተጣፍተው ውጤቱ 0 ይሆናል። እዚህ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል፤ ክፍሎቹ እኩል ባልሆኑበት ጊዜ ግን ትክክል የሚመስል የተሳሳተ ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ ሙከራዋ አትዘለል።