«በምን?» የምትለው ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት አንዋር መስጊድ አጠገብ ሻይ ስንጠጣ፣ ወጣቶቹ የአንድ ጓደኛቸውን ኢሜይል ከስልክ ወደ ስልክ እያቀባበሉ «አቤት አጻጻፍ!» ይባባሉ ነበር። ልጁ የአንድ አስመጪ ድርጅትን የዕቃና የሽያጭ ፕሮግራም ለመሥራት ተመርጦ፣ የቀረበለት ደመወዝ ስላነሰው ጭማሪ የጠየቀበት ደብዳቤ ነው። ተቀብዬ አነበብኩት። «የተሰጠኝን ዕድል በታላቅ አክብሮት እያመሰገንኩ፣ ያለኝ ልምድ ከግምት ገብቶ ደመወዙ 55 ሺህ ብር እንዲደረግልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ይላል። ትህትናው ሞልቷል፤ ደብዳቤው ግን የተበላሸ ሥራ ነው። የተበላሸው ደግሞ ሁሉም ባደነቀው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ማመስገን፣ የተቀባዩን ስም አስተካክሎ መጻፍ፣ ዛቻ የሚመስል ቃል አለማስገባት ማንም የሚያውቀው ስለሆነ አልፈዋለሁ። እኔ የደመወዝ ደብዳቤ ሲሰጠኝ ዓይኔ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ቁጥሩ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ «ከግብር በፊት» ወይም «ተጣርቶ እጄ የሚገባ» የሚል ከሌለ ቀሪውን አላነብም። ግሮስ ወይም ኔት ያልተባለ ቁጥር ዋጋ አይደለም።

ይህን ያስተማሩኝ በልጅነቴ ሸማ ተራ አብሬያቸው የዋልኩ አንድ ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ገዢ መጥቶ «ይኼ ስንት ነው?» ሲላቸው ዋጋ አይጠሩም፤ መጀመሪያ «በምን?» ይሉታል። በሜትር ነው ወይስ በጣቃ? ሻጭም ዋጋ ሲጠራላቸው ያው «በምን?» ነው። ከቫት ጋር ነው ወይስ ቫት ሳይጨመር? እኛ የምንጭንበት ነው ወይስ አንተ ጭነህ የምታደርስበት? እኔ ተቻኩዬ ለአንድ ደንበኛ ባዶ ቁጥር የነገርኩ ቀን ሰውየውን መልሰው ጠርተው፣ እኔ ፊት መለኪያውን አስረድተው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ተዋዋሉ። አልተቆጡኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለ መለኪያ ቁጥር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

የደመወዝ መለኪያ ቢቀር ምን ያህል እንደሚጎዳ በዚያው ልጅ ቁጥር እናስላው። ድርጅቱ ያቀረበለት ከግብር በፊት 45,000 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ የሆነ የወር ደመወዝ ግብሩ የሚወጣው በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ብር ሲቀነስ ነው። የ45,000 ግብር 13,700 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ 3,150 ብር። እጁ የሚገባው 28,150 ብር ነው።

አሁን «55 ሺህ» ያለውን እንይ። ግሮስ ከሆነ ግብሩ 17,200፣ ጡረታው 3,850 ሆኖ 33,950 ብር ይደርሰዋል። ኔት ከሆነ ግን ድርጅቱ 55,000 ተጣርቶ እንዲደርሰው 91,293 ብር ግሮስ መክፈል አለበት። ድርጅቱ በራሱ በኩል የሚጨምረው የ11 በመቶ ጡረታ ሲታከልበት የመጀመሪያው 61,050፣ ሁለተኛው ከ101,000 ብር በላይ ያስወጣዋል። አንድ ቃል ስላልተጻፈ ብቻ በወር 40,000 ብር የሚለያዩ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተኝተዋል። ልጁ ያሰበው ኔቱን ነበር፤ ድርጅቱ የተረዳው ግሮሱን። ድርጅቱ «ተስማምተናል» ሲለው ደስ ብሎት ለጓደኞቹ ላከላቸው። ልዩነቱን ያየው ውል ሊፈርም የተቀመጠ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ቃሉን ያጠፈ የሚመስለው እሱ ነው።

ስለዚህ ደንቤ ይህ ነው፦ ጥያቄው በግሮስ ይጻፍ፣ ኔቱ አጠገቡ ይቀመጥ። በግሮስ የምለው ውሉም ግብሩም ጡረታውም የሚነሡት ከዚያ ስለሆነ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። አዋጁ ሲሻሻል ቀድሞ 1,500 የነበረው ተቀናሽ 2,050 ሆነ። በግሮስ የተዋዋለ ከፍተኛ ተከፋይ ምንም ሳይጠይቅ በወር 550 ብር ተጨመረለት። በኔት የተዋዋለው ጋ ግን ጥቅሙ የቀረው አሠሪው ኪስ ውስጥ ነው። ግብር ቢጨምር ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ ኔት የተዋዋለው ይጠበቃል። የትኛውን እንደመረጠ አውቆ የሚጽፍ ሰው የሥራውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ነው።

ያንን ደብዳቤ እኔ ብጽፈው እንዲህ ነበር የምጽፈው፦

«ለሶፍትዌር ዴቨሎፐርነት ስለመረጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ሥራውን እፈልገዋለሁ። የቀረበልኝ መሠረታዊ ደመወዝ ከግብር በፊት 45,000 ብር ነው፤ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ሲቀነስ 28,150 ብር ይደርሰኛል። በቃለ መጠይቁ ላይ ከዕቃ መቆጣጠሪያው በተጨማሪ ሽያጩን ከቴሌብር ክፍያ ጋር የማገናኘት ሥራ እንዳለ ነግራችሁኛል፤ ይህ ማስታወቂያው ላይ አልነበረም። ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዙ ከግብር በፊት 55,000 ብር እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ ተጣርቶ 33,950 ብር ይሆናል። በዚህ ከተስማማን በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ሥራ እገባለሁ። እስከ ዓርብ ብታሳውቁኝ ደስ ይለኛል።»

ትህትናው የት እንዳለ ተመልከቱ። ምክንያቱ «ልምዴ» የሚል ሰፊ ቃል ሳይሆን ድርጅቱ ራሱ የነገረው ተጨማሪ ሥራ ነው። ለቁጥሩ ደግሞ ተቀባዩ ካልኩሌተር አያስፈልገውም፤ ተሰልቶ ቀርቦለታል። የሌላን ሰው ድካም አስቀድሞ መሸከም እኔ የማውቀው ትልቁ አክብሮት ነው። «በትህትና» የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ መደጋገም ይህን አይተካም። «ከ50 እስከ 60 ሺህ» ብሎ መጻፍም እንዲሁ ነው፤ ከፋዩ 50ውን እንጂ 60ውን አያነብም።

ደብዳቤውን ከመላካችሁ በፊት የምትፈትኑበት አንድ መንገድ አለ። ይህንንም የተማርኩት ከሰው ነው። መጀመሪያ በሠራሁበት ቤት የደመወዝ ሒሳብ የሚሠሩ አንዲት እትዬ ነበሩ። ማንኛውም የቅጥር ደብዳቤ ሲመጣላቸው በቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ያወጣሉ፤ ጠቅላላ፣ ተቀናሽ፣ እጅ የሚገባ። ሦስቱን ማንንም ሳይጠይቁ መሙላት ከቻሉ ደብዳቤው ወደ ፋይል ይገባል። ለመሙላት ስልክ ማንሳት ካስፈለጋቸው፣ ሥራ አስኪያጁ ቢፈርምበትም እንኳ፣ ወረቀቱን ለጸሐፊው ይመልሱት ነበር። የራሳችሁን ደብዳቤ ወሬውን ለማያውቅ የሒሳብ ሰው ስጡትና ሦስቱን መስመር ይሙላ። አንዱ ባዶ ከቀረ አትላኩት።

ልጁ በኋላ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ስሌቱን አብረን ሠራን፤ ለድርጅቱም የተሳሳተው እሱ መሆኑን ገልጾ በግሮስ 62,000 ብር፣ ተጣርቶ 38,010 ብር ብሎ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋ። ምንም ከማለቴ በፊት ግን ራሱ ወደ ቁጥሩ መልሶ አየና፣ ሳላስተምረው፣ «መሠረታዊ» የሚለውን ቃል ፊቱ ጨመረበት። ሽማግሌው ቢኖሩ የሚጠይቁት አይኖራቸውም ነበር።