የትኛው ጋሎን?

የፓምፕ ዳታ ሺት ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው «ኢምፔለር» እና «ሻፍት» ምን ይባሉ በሚለው ነው። እኔ የማየው ከባድ ስሕተት ግን ቁጥሩ ላይ ነው።

አንድ ሺት ፍሰቱን 150 ጋሎን በደቂቃ፣ ሄዱን 260 ጫማ፣ ብቃቱን 70 በመቶ፣ ሻፍቱ የሚፈልገውን ኃይል 14.1 የፈረስ ጉልበት ብሎ ይስጥ። የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር፣ የእንግሊዝ ጋሎን 4.546 ሊትር ነው። በመጀመሪያው ፍሰቱ 9.5 ሊትር በሰከንድ ይሆናል፣ በሁለተኛው 11.4። ሺቱ ጋሎኑ የየትኛው አገር እንደሆነ ካልጻፈ ተርጓሚው መገመት የለበትም፤ መልሱ እዚያው ሺት ላይ አለ። 9.5 ሊትር ውሃ በየሰከንዱ 79 ሜትር ከፍ ለማድረግ 7.4 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልጋል። ለ0.70 ሲካፈል 10.5 ኪሎዋት፣ ማለትም 14.1 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። በእንግሊዙ ጋሎን ብናሰላው ወደ 17 ይጠጋ ነበር። ስለዚህ ጋሎኑ የአሜሪካ ነው። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ ጉድጓድ ላይ ለሚተከል ፓምፕ 11.4 ብሎ መጻፍ ለገዢው ሃያ በመቶ የሌለ ውሃ ቃል መግባት ነው።

260 ጫማ በትክክል 79.248 ሜትር ነው። ሆኖም እንዲህ ብሎ መጻፍ ፓምፑን እስከ ሚሊሜትር የተለካ ያስመስለዋል። በአይሶ 9906 የ2B ደረጃ ፍተሻ በሄድ ላይ እስከ 5 በመቶ ልዩነት ይፈቀዳል፤ እዚህ ላይ 4 ሜትር ያህል ማለት ነው። 79 ሜትር ይበቃል። የመጀመሪያው ቁጥር በቅንፍ አብሮ ቢቀመጥ ደግሞ መሐንዲሱ ራሱ መመርመር ይችላል።

ሌላው ነጠላ ሰረዟ ናት። ሺቱ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ቁጥሩም በእንግሊዝኛ ልማድ ተጽፏል ማለት አይደለም። የጣሊያን ወይም የጀርመን አምራች በእንግሊዝኛ ሺቱ ላይ «3,05 ሜትር» ሊጽፍ ይችላል፤ ለእኛ 3.05 ነው። ከሌላ ሰንጠረዥ የተገለበጠ «2,900 ዙር በደቂቃ» እዚያው ገጽ ላይ ሲገኝ ግን ሰረዟ የሺህ መለያ ናት፤ በ50 ኸርዝ የሚሠራ ባለ ሁለት ፖል ሞተር ከ3000 ጥቂት ዝቅ ብሎ ይዞራልና። ሰረዞችን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ ነጥብ የሚለውጥ ተርጓሚ ሞተሩን በደቂቃ ሦስት ዙር እንኳ የማይሞላ ያደርገዋል። ቁጥርን አንድ በአንድ፣ ከመለኪያው ጋር አንብቦ ከመወሰን ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

በአማርኛ ፊደል መጻፊያ ላይ እያሉ ነጥቡን መጫን ደግሞ አንዳንዴ አራት ነጥብ ያወጣል፤ 3.05 «3።05» ይሆናል። ጽሑፉ ከማለቁ በፊት በሁለት አኃዝ መካከል የገባ ። ወይም ፣ ካለ መፈለግ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።