በዐረብኛ መስመር ውስጥ የሚገላበጥ ስልክ ቁጥር

ቦሌ ውስጥ የካርድና የደብዳቤ ራስጌ ዲዛይን ስሠራ ከዱባይ ወይም ከጅዳ ጋር የሚነግዱ ደንበኞች አንዱን ገጽ በእንግሊዝኛ፣ ሌላውን በዐረብኛ ያዛሉ። ዐረብኛው ፊደል ብዙም አያስቸግርም፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ስልክ ቁጥሩ ነው። ደንበኛው የላከው ይህ ነው እንበል፦

```
+251 900 000 111
```

ዐረብኛ ቃል ካለበት፣ ከቀኝ ከሚጀምር መስመር ላይ ሲለጠፍ ግን እንዲህ ይታያል፦

```
111 000 900 251+
```

ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ የዩኒኮድን ደንብ ነው የተከተለው። አሃዞች በዐረብኛም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበቡ እያንዳንዱ የቁጥር ክፍል እንዳለ ይቀራል። ክፍት ቦታውና የመደመር ምልክቱ ግን የራሳቸው አቅጣጫ የላቸውም፤ የአካባቢያቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ ክፍሎቹ ከቀኝ ጀምረው ይደረደራሉ።

መለያያው ምን እንደሆነም ለውጥ ያመጣል። 12/05/2024 ተብሎ የተጻፈ ቀን በዐረብኛ መካከል አይገላበጥም፤ እዝባሩ ቁጥሮቹን ያያይዛል። በሰረዝ የተለያየ ስልክ ቁጥር በዕብራይስጥ መስመር ደህና ሆኖ በዐረብኛ ይፈርሳል። ከዐረብኛ ፊደል ቀጥሎ የመጣ አሃዝ እንደ ዐረብኛ ቁጥር ስለሚቆጠር ሰረዝ አያያይዘውም። P.L.C. ላይ ደግሞ የመጨረሻዋ ነጥብ ከC ተላቃ ወደ ግራ ትሻገራለች። የእኛ አራት ነጥብ ግን እንደ ፊደሎቻችን ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ተብሎ ስለተመደበ ከአማርኛው ቃል አይለይም።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ሲያዩ ክፍሎቹን በእጅ ያገላብጧቸዋል፤ 111 000 900 251+ ብለው ሲተይቡ ዐረብኛው ገጽ ላይ ትክክለኛው ቁጥር ይታያል። ወረቀት ላይ ከታተመ ማንም አያውቅም። ያው ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍና አንድ ሰው ቁጥሩን ቀድቶ ሲደውል ግን ስልኩ ከ111 ይጀምራል።

ትክክለኛው መንገድ ቁጥሩን ሳይነኩ ከመደመር ምልክቱ በፊት የማይታየውን የአቅጣጫ ምልክት U+200E ማስገባት ነው። ወርድ ላይ 200E ጽፎ Alt+X መጫን ይበቃል። ድረ ገጽ ላይ ደግሞ፦

```
<span dir="ltr">+251 900 000 111</span>
```

የማይታየው ምልክት ጽሑፉ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲዘዋወር ሊጠፋ ይችላል። የክፍሎቹን ቅደም ተከተል ለማረጋገጥ ደግሞ ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ከማስረከቤ በፊት ቁጥሩን ቀድቼ ባዶ የእንግሊዝኛ መስመር ላይ እለጥፈዋለሁ። እዚያ ከ+251 ከጀመረ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ቀሪው የአቀራረብ ጉዳይ ብቻ ነው። በ111 ከጀመረ ግን የሆነ ሰው በእጁ አገላብጦታልና እንደገና ይተየባል።