ሦስተኛው ዓምድ

የአንድን የሩሲያኛ ተርጓሚ ሥራ ለመመዘን ከትርጉሙ በፊት የቃላት መዝገቡን ባየው እመርጣለሁ፤ ከመዝገቡም ሦስተኛውን ዓምድ። በመጀመሪያው ዓምድ የሩሲያኛው ቃል፣ በሁለተኛው የአማርኛው ይቀመጣል። ሦስተኛው የማስታወሻ ቦታ ነው። ብዙዎቻችን ባዶ እንተወዋለን። ካላክላ ያየሁት መዝገብ ግን ሦስተኛው ዓምዱ ከሁለቱ ድምር ይረዝም ነበር።

ካላክላ የካርቱም ደቡባዊ ክፍል ነው፣ በነጭ አባይ በኩል። የመዝገቡ ባለቤት በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ብዙ ወጣቶች አንዱ የነበሩ፣ ኋላ ኑሯቸው ሱዳን የሆነ ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። በእጃቸው የነበረው ረጅም ሥራ የውኃ ኃይል ማመንጫ የሥራና የጥገና መመሪያ ነው፤ በሶቪየት ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ እንደ ጀመረው እንደ መልካ ዋከና ላለ ጣቢያ የሚሆን ዓይነት። የሚሠሩበት ፕሮግራም ኦሜጋቲ ይባላል፤ በነፃ የሚገኝ ነው። ጽሑፉን በዓረፍተ ነገር እየቆረጠ ያቀርባል፣ የተተረጎመውን በማኅደር ይይዛል፣ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ የድሮውን ትርጉም ያስታውሳል። የቃላት መዝገቡ ደግሞ በትር የተለያዩ ሦስት ዓምዶች ያሉት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከጋሼ መዝገብ ሦስት መስመር እነሆ፦

```
выключатель	ብሬከር	ጭነት ላይ እያለ ይቋረጣል። በቤት መብራት ሰነድ፦ ማብሪያ ማጥፊያ
разъединитель	አይሶሌተር	ጭነት እያለ አይነካም! «ማጥፊያ» አይባል
включить	ማገናኘት	ለኤሌክትሪክ ብቻ። «መዝጋት» አይባል
```

ሁለቱም መሣሪያዎች መስመር ያቋርጣሉ፤ ለማያውቅ ሰው ሁለቱም «ማጥፊያ» ናቸው። ብሬከር ግን ጅረት እያለፈ ሲከፈት የሚፈጠረውን ቅስት የማጥፋት አቅም አለው። አይሶሌተር የለውም። ብሬከሩ ካቋረጠ በኋላ ብቻ የሚከፈት፣ መስመሩ መለየቱን በዓይን የሚያሳይ መለያያ ነው። ጭነት እያለ ቢከፈት ቅስቱ አይጠፋም፣ በአጠገቡ ያለውንም ሰው ያቃጥላል። «ማጥፊያውን ክፈት» ብሎ የተረጎመ ሰው ሰዋስው አልሳተም፤ የሌሊት ፈረቃ ላይ ያለው ኦፕሬተር ግን የትኛውን እንደሚነካ አያውቅም።

ሦስተኛው መስመር ይበልጥ ያስደንቀኛል። የእኛ ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች «ብሬከሩን ክሎዝ አድርገው» ሲሉ ጅረት ይለፍ ማለታቸው ነው። የግድቡ ሠራተኛ በሩን ዝጋ ሲባል ደግሞ ውኃው ይቆማል። አንድ መመሪያ ሁለቱንም ስለሚይዝ «መዝጋት» በአንዱ ገጽ ማስጀመር፣ በሌላው ማስቆም ይሆናል። ሩሲያኛው ይህ ችግር የለበትም፤ ለኤሌክትሪኩ ሌላ ግስ፣ ለበሩ ሌላ ግስ አለው። ጋሼ መክፈትና መዝጋትን ለውኃ ብቻ ሰጡ፤ ለኤሌክትሪክ ማገናኘትና ማቋረጥን አጸኑ። ውሳኔው ዋጋ አለው፤ ለለመደው ኤሌክትሪሺያን ጆሮ ትንሽ ይከብዳል። ለደኅንነት መመሪያ ግን እኔም እሱኑ እመርጥ ነበር።

መዝገብ መሙላት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ማኅደሩን ከመዝገቡ ጋር አስማምቶ ማቆየት ነው። አይሶሌተር መጀመሪያ «መለያያ» ተብሎ ነበር። ሠራተኛው በአፉ የሚለው አይሶሌተር መሆኑ ሲታወቅ መዝገቡ ተቀየረ። መዝገቡ ቢቀየርም ማኅደሩ ውስጥ የተቀመጡት የድሮ ዓረፍተ ነገሮች አይቀየሩም፤ ከወራት በኋላ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ «መለያያ» መቶ በመቶ ተዛማጅ ተብሎ ይመለሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የመዝገቡ መስኮት አንድ ቃል፣ የማኅደሩ መስኮት ሌላ ቃል ያሳያል። ጋሼ ቃል በለወጡ ቁጥር በሩሲያኛው ሥር ማኅደሩን ፈልገው፣ የወጣውን አንድ በአንድ እያነበቡ ያርማሉ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም መተካት አይወዱም፤ ምክንያታቸውም ከአማርኛው ጠባይ ይመጣል።

አማርኛ ቃሉን መጨረሻው ላይ ይለውጠዋል። «ብሬከር» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ብሬከሩን» አያገኝም፤ ር ሩ ሆናለች፣ ለኮምፒውተሩም ሌላ ፊደል ናት። ስለዚህ ፍለጋው የመጨረሻዋን ፊደል ትቶ «ብሬከ» ላይ መቆም አለበት። በሩሲያኛው በኩል ፕሮግራሙ ራሱ ይረዳል፤ የምንጩ ቋንቋ ሩሲያኛ መሆኑ በትክክል ከተመረጠ ቃሉ በየትኛውም ሙያ ቢረባ መዝገቡ ያውቀዋል። በአማርኛው በኩል ይህን ሥራ የሚሠራው ሰውዬው ነው። ፊደላችን ሌላም ጣጣ ያመጣል። አንዱ «ኃይል» ሲጽፍ ሌላው «ሀይል» ይጽፋል፣ ሁለቱን የሚያነብ ሰው ልዩነት አይሰማውም፤ ፍለጋው ግን ግማሹን ይስታል። ጋሼ አንዱን ጽሕፈት መርጠው በማስታወሻው ዓምድ ጽፈዋል። ከመርሕ መግለጫ ይልቅ የሚተማመኑት ግን በዚህች የፍለጋ መስመር ነው፦

```
[ሀሃሐሓኀኃ]ይ[ለ-ሏ]
```

የመደበኛ አገላለጽ ፍለጋ ተመርጦ ይህ ሲጻፍ ስድስቱም ጽሕፈቶች በአንድ ዝርዝር ይወጣሉ፤ ከተመረጠው ውጪ ያለው ይታረማል።

ሌላው የወደድኩት ለድሮ ማኅደር ያላቸው ጥርጣሬ ነው። ከሌላ ሰው፣ ከሌላ ሥራ የመጣ ማኅደር `tm/auto` ውስጥ ከገባ ፍጹም ተዛማጁ ሳይጠየቅ በራሱ ይሞላል። የመብራት ሰነድ ማኅደር እዚያ ቢገባ የጣቢያው ብሬከር ማንም ሳያየው ማብሪያ ማጥፊያ ይሆናል። ጋሼ እንዲህ ያለውን `tm/penalty-030` ውስጥ ያስቀምጡታል። ያኔ ፕሮግራሙ ከተዛማጅነቱ ሠላሳ ነጥብ ይቀንስበታል፣ መቶ የነበረው ሰባ ሆኖ ይቀርባል። ጠቃሚነቱ አይቀርም፤ ግን ሳይነበብ አያልፍም። `tm/auto` ውስጥ የሚገባው ጣቢያውን በሚያውቅ መሐንዲስ የተገመገመ ብቻ ነው። በሠንጠረዥ ውስጥ ብቻዋን የምትቆም ቃል ደግሞ አንድ ቦታ ፓምፕ ማቆም፣ ሌላ ቦታ ብሬከር ማቋረጥ ትሆናለች። ለእሷ «አማራጭ ትርጉም» የሚለውን ይጠቀማሉ፤ ትርጉሙ ከፊቷና ከኋላዋ ካሉት መስመሮች ጋር ታስሮ ይቀመጣል።

ጉድለት የለውም አልልም። ማስታወሻዎቹ አንዳንዴ ከልክ በላይ ይረዝማሉ፣ ለአዲስ ተርጓሚ መስኮቱን ይሞሉበታል። ውሳኔው የተላለፈበትን ቀን መጻፍም ዘግይተው ነው የጀመሩት፤ ስለዚህ በቀደሙት መስመሮች ላይ ሁለት ማስታወሻ ሲጋጭ የትኛውን መከተል እንደሚገባ ወዲያው አይታይም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የካርቱም ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ እሳቸውም ወጡ። ሥራው አልቀረም። ማኅደሩ `project_save.tmx`፣ መዝገቡ `glossary.txt` ነው፤ ሁለቱም ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ አንዲት ፍላሽ ትይዛቸዋለች፣ ሌላ ፕሮግራምም ይከፍታቸዋል።

ትርጉም የምታሠሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ውላችሁ ውስጥ አንድ መስመር ጨምሩ። ከተተረጎመው ሰነድ ጋር ማኅደሩንና የቃላት መዝገቡንም ተረከቡ፤ ስትረከቡም ሦስተኛውን ዓምድ ከፍታችሁ እዩ። ባዶ ከሆነ ክፍያውን ከመፈጸማችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ።