ውሃው ሳይፈስ የተለካ አየር

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሰሞኑን ያነሳብኝን ጥያቄ ብዙ የሙያ ጓደኞቼም ያነሱታል፤ ልዩነቱ እነሱ እንደ መፍትሔ ማቅረባቸው ነው። «ጋሼ፣ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነ ስዊቹን ማጥበቅ አይበቃም?» አለኝ። አይበቃም። እንዲያውም ብዙ ሞተር ያቃጠለው ይኸው ስዊች የማጥበቅ ልማድ ነው።

የነበርነው ኮተቤ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ግቢ ውስጥ ነበር። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከላዩ የተተከለ ሞተር፣ አጠገቡ 24 ሊትር የምትይዝ ፕሬዠር ታንክ፣ አንድ ስዊችና አንድ ጌጅ። ሁለት ሞተር ተቃጥሎባቸው ሦስተኛውን አስገብተዋል። «ልጄ፣ ሞተሮቹ ናቸው ወይስ ጉድጓዱ?» አሉኝ። «ይቆዩኝ እትዬ» አልኩና የማድቤቱን ቧንቧ ከፍተው እንዲተዉት ለመንኳቸው። ሞተሩ ዘጠኝ ሰከንድ ያህል ዝም ይልና ጠቅ ብሎ ይነሳል፤ ሦስት ሰከንድ ሠርቶ ይጠፋል። በደቂቃ አምስት ጊዜ ማለት ነው።

ሞተርን የሚገድለው ሥራ ሳይሆን መነሳት ነው። ሲነሳ የሚስበው ከረንት እየሠራ ከሚስበው አምስትና ስድስት እጥፍ ይደርሳል። ያ ሙቀት ሳይበርድ ደግሞ ከተነሳ መጀመሪያ ካፓሲተሩ ያብጣል፣ የስዊቹ ነጥቦች ይጠቁራሉ፣ በመጨረሻም ጥቅሉ ይቃጠላል። ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ሞተር ከዚህኛው የተሻለ ዕድሜ አለው።

ከኛ በፊት የመጣው ባለሙያ የታንኩን አየር ለክቶ «2.5 ባር አለው፣ ጥሩ ነው» ብሏቸው ሄዷል። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው። በታንኩ ውስጥ ውሃና አየር የሚለያዩት በአንዲት ጎማ ብቻ ነው። ውሃው ግፊት እያለው የአየሩን ብትለካ ጌጁ የሚነግርህ የውሃውን ግፊት ነው፤ ጎማዋ ሁለቱን እኩል ታደርጋቸዋለችና። አየሩ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው ታንክም በዚያ ሰዓት 2.5 ያነባል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩን ከኤሌክትሪክ ለያየው፤ ከታንኩ ዝቅ ያለ ቧንቧ ክፈትና ውሃው እስኪያልቅ፣ የውሃው ጌጅም ዜሮ እስኪሆን ጠብቅ። ቧንቧውን ክፍት እንደተውከው በታንኩ ጫፍ ካለችው የአየር መንፊያ ለካ። የጎሚስታ ጌጅ ይበቃል። መንፊያዋን ስትጫናት ከአየር ይልቅ ውሃ ከተፋች ጎማዋ ተቀዳለች፤ አየር ብትሞላም አይቆይም፣ ጎማው ይቀየር ወይም ታንኩ ይቀየር።

የእትዬ ታንክ ውሃ አልተፋችም። የተገኘው አየር ግን 0.3 ባር ብቻ ነበር።

መሙላት ያለበት ስንት ነው? ሞተሩ ከሚነሳበት ግፊት 0.2 ባር ዝቅ ብሎ። ሞተሩ በ1.4 ተነስቶ በ2.8 የሚጠፋ ከሆነ አየሩ 1.2 ይሁን። «ፋብሪካው 1.5 ሞልቶ ልኮታል፣ አትንካው» የሚሉኝ አሉ። የመጀመሪያው ነገር፣ አየሩ ከመነሻው ግፊት ከበለጠ ታንኩ ሞተሩ ሳይነሳ ባዶ ይሆናል፤ ቧንቧው ለቅጽበት ይቋረጥና ይንተፋተፋል። ሁለተኛው ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የከባቢው አየር ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 1 ባር ገደማ ነው። ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር ያለውን ብልጫ ስለሆነ ባሕር ዳርቻ 1.5 የተሞላ ታንክ ምንም ሳይጎድልበት እዚህ 1.75 ያህል ያነባል። አዲስ ታንክ ከካርቶን አውጥቶ ሳይለካ የሚገጥም ሰው ይህን አያውቅም።

ወደ ስዊቹ እንመለስ። ክዳኑን ስንከፍት ከስፕሪንጎቹ አንዱ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ሞተሩ በ2.2 እየተነሳ በ2.8 ይጠፋል። «ውሃው ጠንከር እንዲል» ተብሎ የተደረገ ነው። በአብዛኞቹ ስዊቾች ትልቁ ብሎን መነሻና መጥፊያውን አንድ ላይ ያንቀሳቅሳል፣ ትንሹ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ይለውጣል። ርቀቱ በጠበበ ቁጥር በአንድ ዙር ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ያንሳል። ልጁን ወረቀት ላይ አስላው አልኩት። አየሩ 0.3፣ ስዊቹም ከ2.2 እስከ 2.8 ሆኖ ታንኩ በአንድ ዙር የሚሰጠው አንድ ሊትር ተኩል አይሞላም። አየሩ 1.2፣ ስዊቹም ከ1.4 እስከ 2.8 ሲሆን ያው ታንክ ስምንት ሊትር ተኩል ይሰጣል። ቧንቧው በደቂቃ 10 ሊትር፣ ሞተሩ ደግሞ 40 ሊትር ስለሚሰጡ፣ ካስተካከልነው በኋላ ሞተሩ 51 ሰከንድ ያህል እያረፈ 17 ሰከንድ ይሠራል። አምስት የነበረው መነሳት በደቂቃ አንድ እንኳ አልሞላም። የፈጀብን የእጅ ፓምፕና ጠፍጣፋ ቁልፍ ነው።

ይህም ቢሆን ለ40 ሊትር ሞተር 24 ሊትር ታንክ ትንሽ ናት። ሞተር ከተነሳ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቢሠራ ይመረጣል፤ ለእትዬ ሞተር ከ100 ሊትር በላይ ታንክ ያስፈልጋል። ገንዘብ ሲገኝ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።

ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ሌሊት ብቻውን የሚነሳ ሞተር ግን ሌላ በሽታ ነው፤ እዚያ አየር መሙላት አያድንም። ከታንኩ በኋላ ያለውን ጌት ቫልቭ ዝጋና ሞተሩን አጥፍተህ ጌጁን ተመልከት። ግፊቱ አሁንም ከወረደ ውሃው በፉት ቫልቩ በኩል ወደ ጉድጓዱ እየተመለሰ ነው፤ ባለበት ከቆመ ቤት ውስጥ የሚያፈስ አለ፣ ብዙውን ጊዜ የሽንት ቤቱ ታንከር። «ታንኩን አውጥተህ ኦቶማቲክ ግጠም» የሚሉት ወንድሞቼም ይህን ቢያዩ ጥሩ ነው። ኦቶማቲኩ ውሃ የሚያጠራቅምበት ቦታ የለውም፤ ሽንት ቤቱ በተንጠባጠበ ቁጥር ሞተሩን ይቀሰቅሰዋል።

በዚህ ሙያ ልጆቼን ያሳደግኩት ሞተር በመሸጥ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ይደላኝ ነበር። አየር ሞልቶ፣ ብሎን አላልቶ የሚሄድ ሰው የሚቀበለው የመመላለሻውን ያህል ነው፤ ሞተር የሚቀይረው ግን ከሱቁም ከቤቱም ያገኛል። እኔ ግን ሰው ሞተር ተቃጠለ ሲለኝ ለምን እንደተቃጠለ ሳላውቅ አዲስ መግጠም አልወድም፤ ሌባ ግቢ ውስጥ ትቶ በር እንደመቆለፍ እቆጥረዋለሁ። ልጁንም ለማስተማር የምሞክረው ይህንኑ ትዕግሥት ነው፤ ቁልፉን ከማንሳቱ በፊት ቧንቧ ከፍቶ ሰዓቱን አይቶ እንዲቆጥር። አሁን አሁን እኔ ሳልነግረው ይቆጥራል፣ ቁጥሩንም ለባለቤቶቹ ያስረዳል፤ ከደንበኛ ጋር ዋጋ ስንነጋገር የሚያኮራኝም ይኸው ነው።

በስድስት ወር አንዴ ውሃውን አፍስሳችሁ አየሩን አስለኩ። ሊጠግን የመጣው ሰው ጌጅ ካልያዘ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ።